6x² − 11x − 35፦ ሁለቱን ቁጥሮች አገኘኋቸው፣ መልሱ ግን አልመጣም

ዘጠነኛ_ሐ

ሰላም ለሁላችሁ። የፊቱ ቁጥር 1 ሲሆን ፋክተር ማድረግ አይከብደኝም። x² + 7x + 12 ከተሰጠኝ፣ ተባዝተው 12 ተደምረው 7 የሚሆኑት 3 እና 4 ስለሆኑ (x + 3)(x + 4) ብዬ እጨርሳለሁ። አሁን ግን የፊቱ ቁጥር 6 የሆነ ጥያቄ ላይ ቆሜያለሁ፦

6x² − 11x − 35

ክፍል ውስጥ የተነገረን «የፊቱን ከመጨረሻው አባዙ፤ ከዚያ ሲባዙ ይህን ብዜት፣ ሲደመሩ የመሃሉን ቁጥር የሚሰጡ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ» የሚል ነው። 6 በ−35 ሲባዛ −210 ይሆናል። −21 እና 10 ሲባዙ −210፣ ሲደመሩ −11 ናቸው። እስከዚህ ልክ ነኝ ብዬ አስባለሁ። ከዚያ (x − 21)(x + 10) ብዬ ጻፍኩ። መልሼ ሳባዛው ግን x² − 11x − 210 ሆነ። መሃሉ ደረሰ፣ ግራና ቀኙ ግን ሌላ ነው። የት ላይ ሳትኩ? 6ቱስ የት ገባ?

ዝም_ብዬ_አንባቢ

ቀላል ነው፣ መጀመሪያ ሁሉንም ለ6 አካፍለው። የፊቱ 1 ይሆንልሃል፤ x² − (11/6)x − 35/6 = 0። ከዚያ በለመድከው መንገድ ሂድ፣ x ይወጣልሃል።

ጠመኔ

ዝም_ብዬ_አንባቢ፣ ጥያቄው ላይ «= 0» የሚል የለም። x ስንት ነው የሚል ጥያቄ ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም ወገን ለ6 ማካፈል ይፈቀድ ነበር፤ ዜሮ ለ6 ቢካፈል ያው ዜሮ ነውና። እዚህ ግን የተሰጠው እኩልታ ሳይሆን አንድ መግለጫ ብቻ ነው። ለ6 ካካፈልነው የመጀመሪያው ነገር አንድ ስድስተኛ ይሆንና ሌላ ነገር ፋክተር አደረግን ማለት ነው። ደግሞም ተባዝተው −35/6፣ ተደምረው −11/6 የሚሆኑ ክፍልፋዮችን በጭንቅላት መፈለግ ከመጀመሪያው ጥያቄ የባሰ ነው።

ዘጠነኛ_ሐ፣ ቁጥሮቹን በትክክል አግኝተሃል። የሳትከው የምታስቀምጥበት ቦታ ላይ ነው። −21 እና 10 ቅንፍ ውስጥ የሚገቡ ቁጥሮች አይደሉም። ሥራቸው −11xን ለሁለት መክፈል ነው፦

6x² − 11x − 35
= 6x² − 21x + 10x − 35

እዚህ መስመር ላይ ዋጋው አልተለወጠም፤ −21x እና 10x ቢደመሩ ተመልሰው −11x ናቸው። ልዩነቱ ሦስት የነበሩት ተርሞች አራት መሆናቸው ብቻ ነው። አሁን የፊተኞቹን ሁለት ለብቻቸው፣ የኋለኞቹን ሁለት ለብቻቸው ያዝ። ከ6x² እና ከ−21x የሚወጣው ትልቁ የጋራ አካፋይ 3x ነው። ከ10x እና ከ−35 የሚወጣው 5 ነው።

= 3x(2x − 7) + 5(2x − 7)

አሁን (2x − 7)ን እንደ አንድ ዕቃ ቁጠረው። 3 ደርዘንና 5 ደርዘን 8 ደርዘን እንደሚሆን ሁሉ፣ 3x ጊዜ (2x − 7) እና 5 ጊዜ (2x − 7) ሲደመሩ (3x + 5) ጊዜ (2x − 7) ይሆናሉ።

= (2x − 7)(3x + 5)

መልሰህ አባዛው። 2x በ3x፣ 6x²። 2x በ5፣ 10x። −7 በ3x፣ −21x። −7 በ5፣ −35። የፈለግካቸው 10 እና −21 ስታባዛ ተመልሰው መጡ፤ ስለዚህ የምንፈልገው ያንን ነው፦ ቅንፎቹ ሲባዙ መሃል ላይ የነበሩትን፣ ከመደመራቸው በፊት የነበሩትን ሁለት ተርሞች። የፊቱ ቁጥር 1 ሲሆን እነዚሁ ቁጥሮች ቀጥታ ቅንፍ ውስጥ ስለሚገኙ ሁለቱ ሥራዎች አንድ ይመስላሉ። ግራ ያጋባህ እሱ ነው።

ዘጠነኛ_ሐ

አመሰግናለሁ መምህር፣ ገባኝ። አንድ ጥያቄ አለኝ። 10xን አስቀድሜ −21xን ከኋላ ብጽፍስ?

ጠመኔ

ሞክረውና እይ፦

6x² + 10x − 21x − 35
= 2x(3x + 5) − 7(3x + 5)
= (3x + 5)(2x − 7)

ያው መልስ ነው፤ የጋራው ቅንፍ ብቻ ተቀያየረ። ምርጫው ካለህ ግን ኔጌቲቩን ተርም ሁለተኛ ቦታ ላይ፣ ፖዘቲቩን ሦስተኛ ቦታ ላይ ብታደርግ ይሻልሃል። ሦስተኛው ተርም ኔጌቲቭ ሲሆን የምልክት ስህተት የሚበዛው እዚያ ነው።

ፈጣን_እርሳስ

ለፈተና የሚሆን ነገር ልጨምር። ሁለቱ ቅንፎች አንድ ዓይነት ሆነው ከመጡ መልሱ ልክ ነው፣ መልሶ ማባዛት አያስፈልግም። አንድ ዓይነት ካልሆኑ ስህተት አለ። እዚያው ላይ ይታወቃል።

ለምን_እንዲህ

ፈጣን_እርሳስ፣ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገርህ ልክ ነው፤ የመጀመሪያው ግን አይደለም። ዘጠነኛ_ሐ ምልክቶቹን አቀያይሮ 21 እና −10 ቢወስድ ምን ይመጣል?

6x² + 21x − 10x − 35
= 3x(2x + 7) − 5(2x + 7)
= (2x + 7)(3x − 5)

ቅንፎቹ ፍጹም አንድ ናቸው። መልሱ ግን ስህተት ነው፤ ይህ ሲባዛ መሃሉ +11x እንጂ −11x አይደለም።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። 6x² − 21x + 10x − 35 ላይ ያሉትን ቁጥሮች ሁለት ሁለት አድርገን እናወዳድር። 6 ለ−21 ያለው ንጽጽር 2 ለ−7 ነው። 10 ለ−35 ያለውም 2 ለ−7 ነው። ቅንፎቹ አንድ የሆኑት ለዚህ ነው። ሁለቱ ንጽጽሮች እኩል የሆኑት ደግሞ ዳርና ዳር ያሉት ሲባዙ (6 በ−35) እና መሃል ያሉት ሲባዙ (−21 በ10) ሁለቱም −210 ስለሚሰጡ ነው። «የፊቱን ከመጨረሻው አባዙ» የሚባለውም ከዚህ የመጣ ነው፤ ብዜቱ ቅንፎቹን ያገጣጥማል።

ድምሩ የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው፦ የጀመርንበትን መግለጫ ይዘን መቆየታችንን። 21 እና −10 ብዜታቸው −210 ስለሆነ ቅንፎቹ ይገጥማሉ፤ ድምራቸው 11 ስለሆነ ግን የተሠራው ሌላ ጥያቄ ነው። በተቃራኒው አንድ ሰው ድምሩን ብቻ አይቶ −15 እና 4 ቢወስድ 6x² − 15x + 4x − 35 ይጽፋል። ከፊተኞቹ 3x(2x − 5) ይወጣል፣ ከኋለኞቹ (4x − 35)፤ አይገናኙም።

ስለዚህ ቅንፎቹ ካልገጠሙ ብዜቱን ወይም የጋራ አካፋይ ያወጣህበትን መስመር ፈትሽ። ገጥመው መሃሉ ከተሳሳተ ድምሩን ፈትሽ። መሃሉ መሳሳቱ የሚታወቀው ደግሞ መልሶ በማባዛት ብቻ ነው። ሙሉውን ለማባዛት ጊዜ እንኳ ባይኖርህ፣ የውጭ ለውጭና የውስጥ ለውስጥ አባዝተህ ድምሩ −11x መሆኑን እይ።

ፈጣን_እርሳስ

ይህን አላየሁትም ነበር፣ ትክክል ነህ። የመሃሉን ብቻ መፈተሽ ከአምስት ሰከንድ በላይ አይወስድም።

ዘጠነኛ_ሐ

ሌላ ጥያቄ በራሴ ሞክሬ ተጣብቄያለሁ። 8x² − 22x + 15። 8 በ15፣ 120። −12 እና −10፤ ሲባዙ 120፣ ሲደመሩ −22። ሁለቱንም ፈትሻለሁ።

8x² − 12x − 10x + 15
= 4x(2x − 3) + 5(−2x + 3)

ለምን_እንዲህ ባለው መሠረት ብዜቱ ልክ ከሆነ ቅንፎቹ መግጠም ነበረባቸው። አልገጠሙም።

ጠመኔ

ገጥመዋል፣ በምልክት ተገለባብጠው ነው እንጂ። (−2x + 3) ማለት (2x − 3) በ−1 የተባዛ ነው። ከኋለኞቹ ሁለት 5ን ሳይሆን −5ን አውጣ፦

−10x ÷ (−5) = 2x
15 ÷ (−5) = −3

8x² − 12x − 10x + 15
= 4x(2x − 3) − 5(2x − 3)
= (2x − 3)(4x − 5)

ሦስተኛው ተርም ኔጌቲቭ ከሆነ የሚወጣው ቁጥር ኔጌቲቭ ይሁን። ያኔ ቅንፉ ውስጥ መጀመሪያ የሚመጣው x ፖዘቲቭ ይሆንና ከፊተኛው ቅንፍ ጋር ይገጣጠማል።

ብዙ ደብተር ላይ የሚታየው ስህተት ግን ያንተ አይደለም። −5ን ያወጡና −5(2x + 3) ይጽፋሉ። −10x ላይ ምልክቱን ይቀይሩና +15 ላይ ሲደርሱ ይረሱታል። −5 በ+3 ሲባዛ −15 እንጂ +15 አይሰጥም። ይህ ስህተት የሚጀምረው አንዳንዴ አንድ መስመር ቀደም ብሎ ነው፤ አራቱን ተርሞች በቅንፍ ሲያቧድኑ (8x² − 12x) − (10x + 15) ብለው ይጽፋሉ። ከቅንፉ ፊት የመቀነስ ምልክት ካለ ውስጥ ያለው ሁሉ ስለሚገለበጥ (10x − 15) መሆን ነበረበት። እንዲህ ያለውን ማቧደን ትታችሁ፣ አራቱን ተርሞች በመደዳ ጽፋችሁ መሃላቸው ላይ ቀጭን ቁም መስመር ብታደርጉ ስህተቱ መነሻውን ያጣል።

የሁለት_ልጆች_እናት

ሰላም፣ እኔ የምጽፈው ከሜሪላንድ ነው። ልጄን በሳጥን ነው የሚያስተምሯት። አራት ክፍል ያለው ሳጥን ይሠሩና ከላይ በግራ የ x²ን፣ ከታች በቀኝ የመጨረሻውን ቁጥር፣ በቀሩት ሁለት ክፍሎች ሁለቱን የ x ተርሞች ያስገባሉ። ከዚያ የየመደዳውንና የየዓምዱን የጋራ ያወጣሉ። እናንተ የምታወሩት ከዚህ ጋር አንድ ነው? የጠየቅኩት 12x² + 30x − 72 ላይ (12x − 18)(x + 4) ብላ ግማሽ ነጥብ ብቻ ስላገኘች ነው። መልሼ ሳባዛው ግን ልክ ይመጣል።

ጠመኔ

እንደምን አሉ እህቴ። አንድ ነው። ሳጥኑ አራቱን ተርሞች በመደዳ ከመጻፍ ይልቅ በአራት ክፍል ያስቀምጣቸዋል እንጂ ሁለቱን ቁጥሮች የሚያገኙበት መንገድ ያው ብዜትና ድምር ነው። የልጅዎ ሳጥን እንዲህ እንደነበር እገምታለሁ፦ በላይኛው መደዳ 12x² እና 48x፣ በታችኛው −18x እና −72። ከላይኛው 12x፣ ከታችኛው −18 ይወጣል፤ ዓምዶቹ ደግሞ x እና 4 ይቀራሉ።

ማባዛቱ ላይ ምንም ስህተት አልሠራችም። የጎደለው መጨረሱ ነው። (12x − 18) ውስጥ ገና ያልወጣ 6 አለ፤ 6(2x − 3) ነው። ሙሉ መልሱ 6(2x − 3)(x + 4) ይሆናል። «ሙሉ በሙሉ ፋክተር አድርግ» ሲባል በየትኛውም ቅንፍ ውስጥ የጋራ አካፋይ መቅረት የለበትም።

እዚህ ላይ መጀመሪያ መደረግ የነበረበት 12፣ 30 እና 72ን ማየት ነው። ሦስቱም ለ6 ይካፈላሉ፦

12x² + 30x − 72
= 6(2x² + 5x − 12)

አሁን የሚፈለገው ተባዝተው −24፣ ተደምረው 5 የሚሆኑ ቁጥሮች ነው፤ 8 እና −3። ቀድማ ባለማውጣቷ ግን ተባዝተው −864፣ ተደምረው 30 የሚሆኑትን ስትፈልግ ቆይታለች። 48 እና −18ን ማግኘቷ ትዕግሥቷን ያሳያል፤ ሥራው ግን ያን ያህል መሆን አልነበረበትም።

= 6(2x² + 8x − 3x − 12)
= 6[2x(x + 4) − 3(x + 4)]
= 6(x + 4)(2x − 3)

ፊት ያለውን 6 እስከ መጨረሻው መስመር ይዛው መሄድ አለባት። መጀመሪያ አውጥቶ መጨረሻ ላይ መርሳትም ያው ግማሽ ነጥብ ያስቀንሳል።

ፈጣን_እርሳስ

ለዚህ ሁሉ መከፋፈል ሳያስፈልግ የምጠቀምበት አጭር መንገድ አለ። ዘጠነኛ_ሐ መጀመሪያ የጻፈውን (x − 21)(x + 10) አትጣሉት። ሁለቱንም ቁጥሮች ለፊቱ ቁጥር፣ ለ6፣ አካፍሉ፤ (x − 21/6)(x + 10/6)። አቃልሉ፤ (x − 7/2)(x + 5/3)። ታችኛውን ቁጥር ወደ x ፊት አምጡ፤ (2x − 7)(3x + 5)። አለቀ። የእህታችንም፦ (x + 48)(x − 18)፣ ለ12 ሲካፈል (x + 4)(x − 3/2)፣ ማለትም (x + 4)(2x − 3)።

ለምን_እንዲህ

መጨረሻ ላይ የጻፍከውን መልሰህ አባዛው። 2x² + 5x − 12 ነው የሚመጣው። 6ቱ ጠፍቷል።

ይህ አጭር መንገድ የት እንደሚሠራና የት እንደሚሰብር ማየት የዘጠነኛ_ሐን የመጀመሪያ ጥያቄ፣ «6ቱ የት ገባ» ያለውን፣ ስለሚመልስ ዘርዘር ላድርገው። 6x² − 11x − 35ን በ6 እናባዛው፦

36x² − 66x − 210
= (6x)² − 11(6x) − 210

6xን እንደ አንድ ነገር ብናየውና y ብንለው y² − 11y − 210 ነው። የፊቱ ቁጥር 1 ሆነ! ይህ (y − 21)(y + 10) ነው። ስለዚህ ዘጠነኛ_ሐ የጻፈው ቅንፍ x ባለበት ቦታ 6x ቢገባበት ልክ ነበር፦

(6x − 21)(6x + 10)
= 3(2x − 7) · 2(3x + 5)

መጀመሪያ በ6 አባዝተን ስለነበር አሁን ለ6 መመለስ አለብን። 3 በ2፣ 6። ተጣፍቶ (2x − 7)(3x + 5) ይቀራል። የጠፋው 6 ይኸው ነው፤ 3ቱ ከአንደኛው ቅንፍ፣ 2ቱ ከሌላኛው።

በእህታችን ጥያቄ ላይ ይህንኑ ብናደርግ (12x + 48)(12x − 18) ነው። ከፊተኛው 12፣ ከኋለኛው 6 ይወጣል፤ በጠቅላላ 72። የምናካፍለው ግን ለ12 ብቻ ነው። 72 ለ12፣ 6 ይተርፋል፤ እሱም ፊት መቀመጥ አለበት። አጭሩ መንገድ ክፍልፋዮቹን ሲያቃልል ይህን ትርፍ ሳይናገር ይጥለዋል። የጋራ አካፋዩ አስቀድሞ ከወጣ ግን ምንም ትርፍ አይኖርም፣ መንገዱም አይሳሳትም።

ፈጣን_እርሳስ

እንግዲያው የጋራውን አስቀድሞ ማውጣት ግዴታ ነው፣ ተቀብያለሁ። ከዚያ በኋላ ግን አጭሩን መንገድ አልተውም። አራት ተርም ጽፎ ማቧደን ሁለት የምልክት ወጥመድ አለው፤ ይህ አንድም የለውም።

ጠመኔ

እኔ ደግሞ ለጀማሪ አልሰጠውም። በመከፋፈሉ መንገድ ላይ እያንዳንዱ መስመር ከላይኛው ጋር እኩል ነው፤ ስህተት ቢኖር መስመር በመስመር ወደ ላይ እየሄድክ ታገኘዋለህ። በአጭሩ መንገድ ግን 6x² − 11x − 35 ካልክ በኋላ (x − 21)(x + 10) ስትጽፍ ሁለቱ እኩል አይደሉም፤ መሃላቸው ላይ የእኩል ምልክት ያደረገ ተማሪ ነጥብ ያጣል። ለምን_እንዲህ ያሳየውን የ6x መተካት ከገባው ግን ቢጠቀምበት አልከለክለውም።

ፈጣን_እርሳስ

ምርጫ ያለው ፈተና ላይ መስመሩን የሚያይ የለም። በዚህ አንስማማም መምህር።

ዘጠነኛ_ሐ

የመከፋፈሉን መንገድ ይዣለሁ። አሁን የቸገረኝ ቁጥሮቹን ማግኘት ነው። 24x² − 2x − 15 ላይ ብዜቱ −360 ነው። 1 እና 360፣ 2 እና 180፣ 3 እና 120 እያልኩ ስዘረዝር ደከመኝ። የሚያሳጥር ነገር አለ?

ለምን_እንዲህ

አለ። መጀመሪያ ብዜቱ ኔጌቲቭ ስለሆነ ሁለቱ ቁጥሮች ምልክታቸው የተለያየ ነው፤ ድምራቸው −2 ስለሆነ ምልክቱን ሳናይ በመካከላቸው ያለው ልዩነት 2 ብቻ ነው። ልዩነታቸው ትንሽ ከሆነ ሁለቱም ለ360 ስኩዌር ሩት ቅርብ ናቸው፤ እሱም ከ18 እስከ 19 ባለው ውስጥ ነው። ስለዚህ ከ1 እና 360 ሳይሆን ከመሃል ጀምር። 18 በ20፣ 360። ልዩነታቸው 2። −20 እና 18 ናቸው። የመሃሉ ቁጥር ትልቅ ሲሆን ደግሞ በተቃራኒው ከዳር ጀምር።

ከመሃል መጀመር የማያዋጣበት ጊዜ ሲመጣ ብዜቱን ወደ ፕራይም ቁጥሮች ፈርክሰው። 360 ማለት 2·2·2·3·3·5 ነው። አሁን የመሃሉን ቁጥር፣ 2ን፣ ተመልከት። 2 ለ3 አይካፈልም። ከሁለቱ 3ቶች አንዱ በአንድ ቁጥር፣ ሌላው በሌላኛው ውስጥ ቢገቡ ሁለቱም ቁጥሮች ለ3 ይካፈሉ ነበር፤ ያኔ ድምራቸውም ለ3 ይካፈል ነበር። ድምሩ ስለማይካፈል ሁለቱ 3ቶች አይለያዩም፤ 9 ሆነው አንድ ቦታ ይቀመጣሉ። በ2 ግን ተቃራኒው ነው። ድምሩም ብዜቱም ተጋማሽ ስለሆኑ ሁለቱም ቁጥሮች ተጋማሽ መሆን አለባቸው፤ ሦስቱ 2ቶች በአንድ በኩል 2፣ በሌላው 4 ሆነው ይከፈላሉ። የቀሩት አማራጮች 18 እና 20፣ 36 እና 10፣ 90 እና 4፣ 180 እና 2 ብቻ ናቸው። የ360 ጥንዶች በጠቅላላ 12 ነበሩ፣ ወደ 4 ወረዱ።

ዝም_ብዬ_አንባቢ

መጀመሪያ ጥያቄውን አጣምሜ አንብቤ ነበር፣ አሁን ተከታትያችኋለሁ። 2x² + 3x − 4ን ሞከርኩ። ብዜቱ −8፣ ድምሩ 3። ምንም አላገኘሁም። የቀረኝ ነገር አለ?

ፈጣን_እርሳስ

ዲስክሪሚናንቱን አስላ። 3² − 4·2·(−4) = 9 + 32 = 41። ፖዘቲቭ ስለሆነ ፋክተር ይሆናል። መፈለግህን ቀጥል።

ጠመኔ

አይቀጥል፤ የለም። የ−8 ጥንዶች አራት ናቸው። 8 እና −1 ድምራቸው 7፣ 4 እና −2 ድምራቸው 2፣ ምልክታቸው ሲገለበጥ −7 እና −2። 3 የለም፣ ዝርዝሩም አልቋል።

ፈጣን_እርሳስ፣ ፖዘቲቭ መሆኑ የሚነግርህ 2x² + 3x − 4 ዜሮ የሚሆንባቸው ሁለት የ x ዋጋዎች መኖራቸውን ነው። በድፍን ቁጥሮች ፋክተር እንዲሆን ግን ዲስክሪሚናንቱ ሙሉ ካሬ መሆን አለበት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የምንፈልጋቸው ሁለት ቁጥሮች ልዩነት የዲስክሪሚናንቱ ስኩዌር ሩት ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ እየው፤ 121 + 840 = 961፣ ስኩዌር ሩቱ 31። ከ−21 እስከ 10 ያለው ርቀትም 31 ነው። 41 ግን ሙሉ ካሬ አይደለም፤ ርቀታቸው ድፍን ካልሆነ ሁለት ድፍን ቁጥሮች ሊሆኑ አይችሉም።

ይህ ለፍለጋውም ይጠቅማል። ድምራቸውና ልዩነታቸው ከታወቀ ቁጥሮቹ ታወቁ። 24x² − 2x − 15 ላይ 4 + 1440 = 1444፣ ስኩዌር ሩቱ 38፤ ድምር −2፣ ልዩነት 38፤ (−2 + 38)/2 = 18፣ (−2 − 38)/2 = −20። ካልኩሌተር በሌለበት የ1444ን ስኩዌር ሩት ማግኘት ከዝርዝሩ ይቀላል ወይ የሚለው ግን እንደ ሰዉ ነው።

ዘጠነኛ_ሐ

ሠራሁት፦

24x² − 20x + 18x − 15
= 4x(6x − 5) + 3(6x − 5)
= (6x − 5)(4x + 3)

መሃሉን ፈተሽኩ፤ 18x − 20x = −2x። ኔጌቲቩን ሁለተኛ ላይ ስላደረግኩ ሦስተኛው ተርም ላይ ምልክት መቀየር አላስፈለገኝም። ሌላ ልጠይቅ፤ መልመጃው መጨረሻ ላይ 6x² + 7xy − 20y² የሚል አለ። y ሲገባበትም ይሠራል?

ጠመኔ

ይሠራል። 6 በ−20፣ −120። 15 እና −8። አሁን የምትከፍለው 7xyን ስለሆነ 15xy እና −8xy ብለህ ጻፍ። ከኋለኞቹ ሁለት ቁጥር ብቻ ሳይሆን yም እንደሚወጣ አትርሳ።

ዝም_ብዬ_አንባቢ

እኔ ልሞክረው፦

6x² + 15xy − 8xy − 20y²
= 3x(2x + 5y) − 4y(2x + 5y)
= (2x + 5y)(3x − 4y)

መሃሉ −8xy + 15xy = 7xy።

የሁለት_ልጆች_እናት

ልጄ ይህንኑ በሳጥን ሠርታ ያንኑ አመጣች። አሁን ደግሞ የጠየቀችኝ −8xyን ከላይኛው መደዳ ብታስገባው፣ ከታችኛው መደዳ የሚወጣው ኔጌቲቭ ነው ወይስ ፖዘቲቭ የሚል ነው።

ጠመኔ

ታችኛው መደዳ 15xy እና −20y² ይሆናል፤ መጀመሪያ ያለው ፖዘቲቭ ስለሆነ የሚወጣውም ፖዘቲቭ ነው፤ 5y። ላይኛው 6x² እና −8xy ስለሆኑ 2x ይወጣል። ዓምዶቹ 3x እና −4y ይሆናሉ።